56 የውል ሕግ አንቀጾችን በ8 ሳምንት በቃል መያዝ፦ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው ክለሳ

የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሳለሁ ለውል ሕግ ፋይናል ሕጉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቁም ነገር የመሰለኝን ሁሉ በቢጫ ሃይላይተር ቀባሁ። ፈተናው ላይ አንድ ሰው ቤቱን ይሸጣል። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ሻጭና ገዢ ፈርመዋል፤ ሁለት ምስክሮችም አሉ። ውሉ ይጸናል ወይ? ጥያቄው ይኼ ነበር። አንቀጽ 1727 ትዝ አለኝ፦ ጽሑፍ፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። «ይጸናል» ብዬ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ከአዳራሹ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው አንቀጽ 1723 የመጣልኝ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ መመዝገብም አለበት።

1723ን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በየትኛው ገጽ እንዳለ፣ ከላይ በኩል በቢጫ መቀባቱ ሳይቀር ይታየኛል። ባስፈለገኝ ሰዓት ግን አልመጣም። ገጹን ሳየው አውቀዋለሁ፤ ገጹ ሳይኖር ግን ማውጣት አልቻልኩም። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሦስት ጊዜ ማንበብ የሚያሠለጥነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ይህን የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሉ ጽሑፉን ደግሞ አነበበ። ከፊሉ ደግሞ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን በቃላቸው ሲያወጡ የነበሩት በለጡ። ማታ አንብበን «ገብቶኛል» ብለን ተኝተን ሳምንት ቆይቶ ባዶ የምንሆነው በዚህ ነው። የማታው ስሜት ውሸት አይደለም፤ የሚለካው ግን የዚያችን ማታ ብቻ ነው።

አያቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል። በቆሎ ተማሪ ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ነው። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ በነጋታውም ያንኑ በቃሉ ይወጣል። ቁርኣን የሚሐፍዝ ልጅም አዲስ ከመጨመሩ በፊት የቆየውን ለኡስታዙ ያሰማል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ነው ሃይላይተር ይዘን ይህን የተውነው።

ከዚህ በታች ያለው እኔ ከዚያ ፈተና በኋላ የሠራሁበትና ለታናናሾቼ የማሳየው አካሄድ ነው። ምሳሌዬ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ 3367 አንቀጾች አሉት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አንነካም። የምንይዘው ከ1675 እስከ 1730 ያሉትን፣ ማለትም የውል አመሠራረትን ነው። 56 አንቀጽ ነው፤ ፈተናው ከ8 ሳምንት በኋላ ነው እንበል።

መጀመሪያ ካርታውን

አንድም አንቀጽ ከመያዝህ በፊት የመጀመሪያውን ቀን ዋዜማ ለካርታ ስጠው። ሕጉን ክፈትና ርዕሶቹን ብቻ አንብብ። አንድ ሰዓት ይበቃል።

እዚህ ላይ አንቀጽ 1678 ትልቅ ውለታ ይውልልናል። የሚጸና ውል ምን ምን ያስፈልገዋል ለሚለው ሦስት መልስ ይሰጣል። አንደኛ፣ ችሎታ ባላቸው ሰዎች መካከል የተደረገ ጉድለት የሌለው ስምምነት። ሁለተኛ፣ በበቂ ሁኔታ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ። ሦስተኛ፣ ሕጉ ፎርም ካዘዘ ያንን ፎርም መከተል። አሁን ከዚያ በታች ያሉትን ርዕሶች ተመልከት። ከ1679 እስከ 1695 ስለ ስምምነት ነው። ከ1696 እስከ 1710 ስምምነቱን ስለሚያጎድሉ ነገሮች ነው። ከ1711 እስከ 1718 ስለ ውሉ ጉዳይ፣ ከ1719 እስከ 1730 ስለ ፎርም። ምዕራፉ በሙሉ የአንድ አንቀጽ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል። ችሎታ ብቻ ነው እዚህ የሌለው፤ እሱ በሰዎች ሕግ ውስጥ ነው።

ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ሣለው። 1678 ከላይ፣ ከሥሩ አራት ቅርንጫፎች፣ በየቅርንጫፉ የአንቀጽ ቁጥሮቹ ከየት እስከ የት። ኋላ ቁጥር ሲጠፋብህ ቢያንስ ሰፈሩን ታውቃለህ። «1706?» ሲሉህ ስምምነትን ከሚያጎድሉት ሰፈር ነው ትላለህ፤ ከዚያ ተንኮል ነው ወይስ መገደድ የሚለው ብቻ ይቀርሃል።

በዚያው ማታ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ሦስት ዓይነት ምልክት ይበቃል። ቃል በቃል መያዝ ያለባቸው፣ ሐሳባቸው የሚበቃ፣ የት እንዳሉ ማወቅ ብቻ የሚበቃ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉንም ቃል በቃል ለመሸምደድ ይነሳና በሁለተኛው ሳምንት ይወድቃል። በእኔ ግምት ከ56ቱ ቃል በቃል የሚገባቸው 15 ቢሆኑ ነው። ትርጉም የሚሰጡ፣ መሥፈርት የሚዘረዝሩ፣ ልዩ ሁኔታ የሚያወጡ ናቸው። 1675፣ 1678፣ 1682፣ 1696፣ 1723፣ 1727 ያለ ጥርጥር ከእነሱ ናቸው።

በየትኛው ቋንቋ?

ይህ የኛ አገር ተማሪ ልዩ ፈተና ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንደዚያው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። በአንዱ ቋንቋ ብቻ የያዘ ሰው ወይ ፈተናው ላይ ወይ ችሎቱ ላይ ይንተባተባል።

ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ ለመያዝ አትሞክር። ጊዜህን እጥፍ ይበላል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ካርዱን ፈተናው በሚሰጥበት ቋንቋ እጽፋለሁ። ከሥሩ የአማርኛው ሕግ የሚጠቀምበትን ቁልፍ ቃል ብቻ አስቀምጣለሁ፦ «ተንኮል»፣ «መገደድ»፣ «ረቂቅ»፣ «የአላባ ጥቅም»። አንድ ቃል፣ ቢበዛ ሁለት። ጠበቃ ስትሆን ዓረፍተ ነገሩን ከሕጉ ታነበዋለህ፤ ቃሉን ከያዝክ አንቀጹን አታጣውም።

አንቀጹን ወደ ጥያቄ መለወጥ

በቀን አራት አዲስ አንቀጽ ነው የምንይዘው። ለአንዱ አንቀጽ 12 ደቂቃ ያህል ስጠው፤ ሁሉም ወደ 50 ደቂቃ ይወስዳል። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አንብብ። መጀመሪያ እንደ ወሬ፣ ምን ሊል እንደፈለገ ለመረዳት። ቀጥሎ እርሳስ ይዘህ፣ እያንዳንዱ ሐሳብ የሚያልቅበት ላይ ጭረት እያሰመርክ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተህ «አሁን ምን አለ?» ብለህ ጮክ ብለህ ለራስህ ተናገር። የቀረህን ክፈትና እይ። ከዚህ በኋላ ነው ካርድ የሚጻፈው።

ካርድ ማለት ኤ4 ወረቀት ለስምንት ተቆርጦ፣ ፊቱ ጥያቄ፣ ጀርባው መልስ ነው። አንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። «አንቀጽ 1723 ምን ይላል?» የሚል ካርድ መጥፎ ካርድ ነው። ግማሹን መልሰህ ግማሹን ስታጣ አለፍክ ትላለህ ወይስ ወደቅህ? አታውቀውም። ስለዚህ 1723ን እንዲህ እንበትነዋለን።

የመጀመሪያው ካርድ፦ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የትኞቹን መብቶች የሚያቋቁም ወይም የሚያስተላልፍ ውል ልዩ ፎርም ይፈልጋል? ከጀርባው፦ ባለቤትነት፣ የአላባ ጥቅም፣ የአገልግሎት መብት፣ መያዣ። ጥያቄው አጠገብ «4» ብለህ ጻፍ። ስንት እንደሆኑ ማወቅ አንዷ ስትጎድል እንድትነቃ ያደርግሃል።

ሁለተኛው፦ እነዚህ ውሎች ምን ሁለት ነገር ያስፈልጋቸዋል? በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ።

ሦስተኛው፦ የት ይመዘገባሉ? በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት። ዛሬ ሰዉ «ውልና ማስረጃ» የሚለው ቤት ማለት ነው። እኔ ይህን ካርድ ሳወጣ እዚያ ወረፋ የያዘ ሰው በዓይነ ኅሊናዬ ይመጣል፤ ጠፍቶኝ አያውቅም።

አራተኛው፦ ንዑስ አንቀጽ 2 ምን ይጨምራል? የማይንቀሳቀስ ንብረት መከፋፈልና ስለዚያው ንብረት የሚደረግ የዕርቅ ስምምነት።

አምስተኛው፦ ካልተመዘገበስ? ይህ ወደ 1720 ያገናኛል፦ የታዘዘው ፎርም ካልተከበረ ውል የለም፣ ያለው ረቂቅ ብቻ ነው።

ስድስተኛው፦ ከምዝገባው ነፃ የሆነው የትኛው ነው? በአዋጅ ቁጥር 639/2001 የተሻሻለው ክፍል ነው፤ ለባንክ ወይም ለማይክሮፋይናንስ ብድር የሚሰጥ መያዣ። ይህን ካርድ ለይቼ የማነሳው በምክንያት ነው። ከካፌ የተገዛ ኮፒም ሆነ ከሲኒየር የተወረሰ ሀንድአውት ብዙ ጊዜ ማሻሻያውን አያካትትም። የተሻረን ነገር አሳምሮ በቃል ከመያዝ የባሰ ኪሳራ የለም። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉምም እንደዚሁ ነው። በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በ1723 ላይ ለምሳሌ የመዝገብ ቁጥር 21448ን በካርዱ ጥግ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ።

ከአንድ አንቀጽ ስድስት ካርድ ወጣ። አትደንግጥ፤ አብዛኞቹ አንቀጾች ሁለት ሦስት ካርድ ነው የሚያወጡት። «የት እንዳሉ ማወቅ ይበቃል» ያልካቸው ደግሞ አንድ ብቻ፦ ርዕሱ ወደ ቁጥሩ።

ፖስታዎቹና ቀኖቹ

የአንድ ቀን አራት አንቀጾች ካርዶች በአንድ ፖስታ ይገባሉ። 14 ፖስታ ይኖርሃል፤ 14 ሲባዛ በ4፣ 56። በፖስታው ጀርባ አምስት ቀኖች ትጽፋለህ፦ ከተሠራበት ቀን 1 ቀን፣ 3 ቀን፣ 7 ቀን፣ 16 ቀን እና 35 ቀን በኋላ።

ለምን እንዲህ እየሰፋ ይሄዳል? በ1885 እ.ኤ.አ. ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን እየያዘ በራሱ ላይ ሞክሮ ያገኘው ነገር ነው። መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ እየዘገመ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክለሳ በነጋታው መሆን አለበት። በየጊዜው ስታወጣው ደግሞ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ ክፍተቱን የምናሰፋው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹ ቅዱስ አይደሉም። 16 በ15 ወይም በ17 ቢሆን ምንም አይደለም። በነጋታው ያለችውን የመጀመሪያዋን ግን አትዝለላት።

እሑድ አዲስ አንቀጽ የለም። ሰኞ ብትጀምር ከ1ኛው እስከ 6ኛው ቀን ስድስት ፖስታ፣ 7ኛው ቀን እረፍት፣ ከ8ኛው እስከ 13ኛው ሌላ ስድስት፣ 14ኛው እረፍት፣ 15ኛውና 16ኛው የመጨረሻዎቹ ሁለት። በ16 ቀን አዲስ ነገር ሁሉ አለቀ። የመጨረሻዋ ፖስታ የመጨረሻ ክለሳ በ51ኛው ቀን ላይ ይውላል። ፈተናው 56ኛው ቀን ላይ ነው፤ በመካከል አራት ቀን ተረፈ።

አንድ ቀን በቅርበት እንይ። 12ኛው ቀን፣ ዓርብ ነው። አዲሱ ፖስታ 11ኛው ነው፤ ከ1715 እስከ 1718። ለክለሳ የሚወጡት ሦስት ናቸው። የትናንቱ 10ኛው ፖስታ፣ ከ1711 እስከ 1714። ከ3 ቀን በፊት የተሠራው 8ኛው፣ ከ1703 እስከ 1706። ከ7 ቀን በፊት የተሠራው 5ኛው፣ ከ1691 እስከ 1694። ጠቅላላ ለክለሳ 12 አንቀጽ። አንዱ አንቀጽ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ 18 ደቂቃ ነው። ከአዲሱ ጋር ተደምሮ 1 ሰዓት ከ10 ገደማ። በዚህ ሰሌዳ ከ12 በላይ የክለሳ አንቀጽ የሚደርስብህ ቀን የለም። ከመጀመርህ በፊት ይህን ሒሳብ ለራስህ ሥራው። በቀን 4 ፋንታ 10 አንቀጽ ብትይዝ ክለሳው ወደ 30 ይወጣል፣ አዲሱ ብቻ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ሌላ አራት ኮርስ ያለበት ሰው አይችለውም።

ሁልጊዜ ክለሳውን አስቀድም፣ አዲሱን አስከትል። አዲስ ነገር ደስ ስለሚል እሱን ስናስቀድም ክለሳው «ነገ» ይባላል። ሰሌዳው የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

ካርዱ እንዴት ይጠየቃል

ጥያቄውን አንብብ። መልሱን ሳትገለብጥ ተናገር፤ በለሆሳስ ሳይሆን ድምፅ አውጥተህ። ላይብረሪ ከሆንክ ጻፈው። አልመጣም? አሥር ሰከንድ ታገሥ። ያ የምትጨነቅበት ጊዜ ባዶ አይደለም፤ ትውስታው የሚጠነክረው እዚያ ነው። ከዚያ ገልብጥ።

ፍርዱ ሦስት ዓይነት ነው። ሙሉ ከመለስክ ካርዱ ወደ ፖስታው ይመለሳል። አንድ ነገር ከጎደለህ በቀይ የጎደለውን አስምርበትና ወደ ፖስታው መልሰው፤ ግን ከመተኛትህ በፊት አንድ ጊዜ ድገመው። ጨርሶ ከጠፋህ ካርዱ ከፖስታው ይወጣና «የነገ» በሚባል በተለየ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ሁለት ቀን ተከታትሎ ከመለስከው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለራስህ አትራራ። «አዎ አዎ፣ ይሄማ አውቀው ነበር» የሚለው ቃል መልሱን ካየህ በኋላ ከመጣ ወድቀሃል። እኔን ደረጃው ላይ ያስቆመኝ ያው «አውቀው ነበር» ነው።

አንድ ካርድ አራት ጊዜ ከወደቀ ችግሩ ያንተ ጭንቅላት ሳይሆን ካርዱ ነው። ወይ ሁለት ነገር በአንዴ ይጠይቃል፣ ወይ አንቀጹ መጀመሪያውኑ አልገባህም። ቀደህ ጣለውና ሕጉን ከፍተህ እንደገና ጻፈው።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር መሥራት የሚመርጥ ሰው አንኪ የተባለውን መተግበሪያ ይጠቀም፤ ቀኖቹን ራሱ ያሰላል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላ ሰው የሠራውን ካርድ አውርደህ አትጀምር። አንቀጹን የበተንክበት ሥራ ራሱ የጥናቱ ግማሽ ነው።

የሚምታቱ አንቀጾች

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይመጣል። የያዝከው ይጠፋል ሳይሆን ይቀላቀላል። በተለይ የፎርሙ ሰፈር ላይ። 1723፣ 1724፣ 1725 ጎን ለጎን ናቸው፤ ሦስቱም ስለ ጽሑፍ ያወራሉ። በየካርዳቸው ስትጠየቅ ትመልሳለህ። ፈተና ላይ ግን የአንዱን ለሌላው ትሰጣለህ።

መድኃኒቱ ካርዱን አብዝቶ መድገም አይደለም። የንጽጽር ካርድ መሥራት ነው። ፊቱ፦ «1723፣ 1724፣ 1725፦ ምን ያመሳስላቸዋል፣ ምን ይለያቸዋል?» ጀርባው፦ ሦስቱም ጽሑፍ ይፈልጋሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት (1723) እና ከመንግሥት አስተዳደር ጋር የሚደረግ ውል (1724) ምዝገባም ይፈልጋሉ። ዋስትናና ኢንሹራንስ (1725) ጽሑፍ ብቻ። ከዚያ ሌላ አንድ፦ «1727 ከ1723 በምን ይለያል?» 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል ምን መምሰል እንዳለበት ይናገራል፤ የተዋዋዮች ፊርማና የሁለት ምስክሮች ማረጋገጫ። የትኛው ውል በጽሑፍ ይሁን፣ የትኛው ይመዝገብ የሚለው የሱ ጉዳይ አይደለም። ይህች ካርድ በሁለተኛ ዓመት በኖረችኝ ኖሮ ያንን ገጽ ተኩል አልጽፈውም ነበር።

ስህተት፣ ተንኮልና መገደድም (1697፣ 1704፣ 1706) እንዲሁ ንጽጽር ይፈልጋሉ። ስትወድቅ የሰጠኸው የተሳሳተ መልስ የየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ተመልከት። ሁልጊዜ የአንድ ጎረቤት አንቀጽ ከሆነ የንጽጽር ካርድ ሥራ።

የእሑድ ባዶ ወረቀት

ካርድ ነገሩን ይበታትነዋል፤ የእሑዱ ሥራ መልሶ መገጣጠም ነው። የዕለቱን ክለሳ ከጨረስክ በኋላ አንድ ባዶ ወረቀት አውጣ። ምንም ሳታይ ከ1678 ጀምረህ እስካሁን የያዝከውን ሁሉ ጻፍ። ቅርንጫፎቹን፣ ቁጥሮቹን፣ በየቁጥሩ ሁለት ሦስት ቃል። 30 ደቂቃ ስጠው። ሲያልቅ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ከሕጉ እያየህ የጎደለውን ሙላ።

የመጀመሪያው እሑድ ወረቀት በሌላ ቀለም ተሞልቶ ስታየው ያስደነግጣል። አስቀምጠው። የሁለተኛው እሑድ አጠገብ አድርገው። የትኛው ቅርንጫፍ ሁልጊዜ ባዶ እንደሚሆን ያኔ ይታያል። ለብዙዎች ከ1684 እስከ 1695 ያለው ነው፤ ርዕሶቹ ይመሳሰላሉ፣ በክፍልም በጥድፊያ ይታለፋሉ።

የሕክምና ተማሪዎች ይህን በሥዕል ነው የሚያደርጉት። ለምሳሌ ወደ ክንድ የሚሄደውን የነርቭ መረብ፣ ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ከባዶ ወረቀት ላይ መሣል፦ 5 ሥር፣ 3 ግንድ፣ 6 ክፍልፋይ፣ 3 ገመድ፣ 5 ዋና ቅርንጫፍ። ፖስታውና ቀኖቹ አይለወጡም። የሚለወጠው የካርዱ ፊት ነው፤ ስሙን ከመጠየቅ ይልቅ «ይህ ነርቭ ቢቆረጥ በሽተኛው ምን ያቅተዋል?» ብሎ ይጠይቃል።

ከ33ኛው ቀን ወዲያ፦ ጉዳይ መፍታት

በዚህ ሰሌዳ 33፣ 34 እና 35ኛው ቀን ላይ አንድም ፖስታ አይወጣም። ወድቀው «የነገ» ውስጥ የተጠራቀሙትን በእነዚህ ቀናት አጽዳ። ከዚያ ቁጥር ያልተጻፈባቸው ጉዳዮችን መፍታት ጀምር። እስካሁን ከቁጥር ወደ ይዘት ነበር የሄድከው። ፈተናውም ሕይወትም ከነገር ወደ ቁጥር ነው የሚመጡት።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ውሰድ። አበበ ለከበደ ሰኞ መልእክት ይልካል፦ «ላፕቶፔን በ40 ሺህ ብር ልሽጥልህ። እስከ ዓርብ ካልመለስክልኝ ተስማምተሃል ማለት ነው።» ከበደ ዝም አለ። ረቡዕ አበበ ላፕቶፑን ለሌላ ሰው ሸጠው። ቅዳሜ ደግሞ ሐሳቡን ቀይሮ «ዝም ብለሃል፤ ሌላ ላፕቶፕ ልስጥህና ክፈል» ይላል።

መጽሐፍ ሳትከፍት ሂድበት። ዝምታ መቀበል ነው? 1682፦ አይደለም። ልዩ ሁኔታ አለ? በሕግ ወይም በመንግሥት በተሰጠ ፈቃድ የመዋዋል ግዴታ ያለበት ሰው፣ 1683፤ ቀድሞ የቆየ የንግድ ግንኙነት፣ 1684። ሁለቱም እዚህ የሉም። ስለዚህ ከበደ አይገደድም። ታዲያ አበበ ረቡዕ መሸጡስ? እስከ ዓርብ ብሎ ጊዜ ቆርጧል፤ 1690 ጊዜው እስኪያልፍ በሐሳቡ ያስረዋል። ከበደ ሐሙስ «ተቀብያለሁ» ቢል ኖሮ አበበ ችግር ውስጥ ነበር። በአንድ ጉዳይ አራት አንቀጽ ወጣ። የቀረህ ካለ የዚያ አንቀጽ ካርዶች ወደ «የነገ» ይሄዳሉ።

እንዲህ ያሉትን ጉዳዮች ከክፍል ጓደኛህ ጋር ተለዋወጡ። እያንዳንዳችሁ በሳምንት አምስት ብትጽፉ ይበቃል። የሌላ ሰው ጉዳይ የሚጠቅመው ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚመጣ አስቀድመህ ስለማታውቅ ነው። አንተ የጻፍከው ላይ መልሱን ይዘህ ነው የተነሳኸው።

ሰሌዳው ሲሰበር

ይሰበራል። ለቅሶ ይመጣል፣ ጉንፋን ይይዝሃል፣ የሌላ ኮርስ አሳይመንት ይደረብብሃል። አራት ቀን ቀረህ እንበል። ብዙዎች ያመለጠውን ሁሉ በአንድ ማታ ለመጨረስ ቸክለው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ደክሟቸው ሌላ ቀን ይቀራል።

ያመለጡትን ፖስታዎች ደርድርና በመጀመሪያ አዲሶቹን አውጣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወይም ጭራሽ ያልተከለሱትን። በቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። 16ኛው ቀን ላይ የደረሰ ፖስታ ሁለት ሦስት ቀን ቢጠብቅ አይሞትም። ያልተከለሰው ክምር ከ20 አንቀጽ እስኪያንስ አዲስ አትጨምር። ከዚያ ሁሉንም ቀኖች በቀረህበት ቀን ቁጥር ወደፊት ግፋቸው። ከፈተናው በፊት የተረፉት አራት ቀኖች የተቀመጡት ለዚህም ነው።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ብቻ ሲቀረው ይህን ያነበበ ሰው 56ቱንም አይጀምር። የመጨረሻውን ቀን አስቀድሞ ይወስንና ወደ ኋላ ይቁጠር። በሦስት ሳምንት 35ኛው ቀን ይወድቃል፤ 1፣ 3፣ 7 እና 16 ይቀራሉ። ቃል በቃል ያልካቸውን 15 አንቀጾችና የንጽጽር ካርዶቹን ብቻ ይያዝ፤ ለቀሪው ካርታው ይበቃዋል። ይህ ለፈተናው ያደርሳል። ከስድስት ወር በኋላ ችሎት ላይ ለመቆም ግን አያደርስም፤ ከፈተናው በኋላ ፖስታዎቹን ሳይጥል በ35ኛው ቀን ያውጣቸው።

ከፈተናው በፊት ባለው ማታ ካርድ አልነካም። ባዶ ወረቀት አውጥቼ 1678ን ከላይ፣ አራቱን ቅርንጫፎች ከሥሩ እሥላለሁ። 20 ደቂቃ አይፈጅም። ወረቀቱን አጥፌ እተኛለሁ።